«አይዞዎት» የማይባልበት ፈተና

የእንግሊዝኛ ፈተናው ውጤት የተለቀቀው እሷ መድኃኒት ክፍል ውስጥ ቆማ የጠዋቱን መርፌ ስታዘጋጅ ነበር። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ጓንቷን አውልቃ አወጣችው፤ ካወጣችው በኋላ ግን ሳትከፍተው ያዘችው።

«ክፈቺው እንጂ! ፈንጂ ነው እንዴ?» አላት ፕሮፌሰር።

ፕሮፌሰር አብሯት በቀዶ ሕክምና ክፍል የሚሠራ ነርስ ነው። ማዕረጉን የሰጡት ባልደረቦቹ ናቸው፤ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም እኩል ስለሚያስተምር። እሷን ግን ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚሏት፤ ቤት ውስጥ እናቷ እንኳ ስትቆጣ «እንግዲህ ሲስተር!» ትላታለች።

ከፈተችው። ማዳመጥ አልፋለች። ማንበብ አልፋለች። ደብዳቤ መጻፉንም ድንበሩን ነክታ አልፋለች፤ ሦስት መቶ ሃምሳ። መናገር፣ ሦስት መቶ አርባ።

«አሁንም?» አለ ፕሮፌሰር በትከሻዋ በኩል አጮልቆ።

«አሁንም።»

ልትሄድበት ያሰበችው አገር የነርሶች ምዝገባ ምክር ቤት የሚፈልገው በአራቱም ዘርፍ ሦስት መቶ ሃምሳ ነው። እሷ በመናገር አንድ እርከን ታንሳለች። ባለፈው አንሳለች፣ ከዚያ በፊትም አንሳለች። በጣም ብትወድቅ ኖሮ ይሻላት ነበር፤ በጣም የወደቀ ሰው ቁርጡን ያውቃል። በአንድ እርከን የወደቀ ግን በር ላይ ቆሞ እንደሚያንኳኳ ነው፤ ከውስጥ ድምፅ ይሰማል፣ የሚከፍት ግን የለም። ይባስ ብሎ ለምን እንደወደቀች የሚነግራት አልነበረም። ወረቀቱ ቁጥር ይሰጣል እንጂ ምክንያት አይሰጥም።

«እኔ እኮ በሽተኛ በማነጋገር ነው የምኖረው» አለች መርፌውን እያነሳች። «ቀኑን ሙሉ አፌ አይዘጋም። ሌላው ሁሉ ሲሳካ በዚህ ልውደቅ?»

«ደግነቱ ሁለት ፈተና አጣምረው ይቀበላሉ» አለ ፕሮፌሰር ጣቱን እንደ መምህር አንስቶ። «አሁን ያለፍሽው ተይዞልሻል። ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ደግመሽ ተፈተኚና መናገርን እለፊ፣ ሌላው በጣም እንዳይወርድብሽ ብቻ ተጠንቀቂ። ገደቡ ካለፈ ግን ከሀ ትጀምሪያለሽ።»

ከሀ መጀመር ማለት ምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ቃለ መጠይቁን አልፋ የተቀበላት የውጭ ሆስፒታል ቦታዋን ይዞ የሚጠብቃት እስከዚያው ገደብ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ደግሞ የሚያሳፍር ነገር አለ። የክፍሉ ነርሶች መጀመሪያ ስትፈተን ማለፏን አንድም ሰው ስላልተጠራጠረ አስቀድመው ሸኝተዋት ነበር። ኬክ ተቆርጧል፣ ንግግር ተደርጓል፣ ትልቅ ቀይ ሻንጣ ተበርክቶላታል። የነርሶቹ አለቃ ሜትሮኗ ራሷ «ወፊቱ በረረች» ብላ ዓይኗን ጠርጋለች። ወፊቱ ግን ይኸው፣ አልጋ እያነጠፈች ነው። እናቷ ሻንጣው ባዶውን ከሚቀመጥ ብላ የክረምቱን ብርድ ልብስ ሞልታበታለች።

*

የቋንቋ አስተማሪዋ ድሮ ነርስ የነበረች፣ ነጭ ፀጉሯን አጭር አድርጋ የምትቆረጥ ሴት ናት። ተማሪዎቿን ለመናገር ፈተና ብቻ ታዘጋጃለች። ሲስተር ከዚያ በፊት የተማረችበት ቤት ሌላ ነበር፤ እዚያ ሐረግ ያስሸመድዷቸዋል፣ «ስሜትዎ ይገባኛል» የሚለውን እንደ ጸሎት በአንድ ድምፅ ያስወጧቸዋል። ይህችኛዋ ግን የመጀመሪያውን ቀን ካርድ ሰጥታ ዝም አለች።

የፈተናው አሠራር እንዲህ ነው፦ ተፈታኟ ካርድ ይሰጣታል። ካርዱ ላይ ቦታውና የምትሠራው ሥራ ተጽፏል፤ ይህን ጠይቂ፣ ያንን አስረጂ፣ በሽተኛውን አረጋጊ። ጥቂት ደቂቃ ታነባለች። ከዚያ ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰው በሽተኛ ይሆናል፣ እሷ ነርስ ትሆናለች፣ አምስት ደቂቃ ያህል ያወራሉ። ሰውየው አይፈርድም። ድምፁ ይቀዳና በኋላ የማያዩዋት ሰዎች ሰምተው ነጥብ ይሰጣሉ።

አስተማሪዋ ሆዱን ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ሆነች፤ ሲስተር ነርስ ሆነች። እንግሊዝኛዋ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ሲያልቅ አስተማሪዋ የቀዳችውን ከፈተችላት።

የራስን ድምፅ መስማት ደስ አይልም። እሷ የሰማችው ግን የሜትሮኗን ድምፅ ነበር። «መነሳት አለብዎት። ማጨስ ማቆም አለብዎት። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ኤንፒኦ ነዎት።» በሽተኛው «ኤንፒኦ ምንድን ነው?» ሲል ተሰማ። መልሷ፣ «ምንም በአፍ አይወስዱም።» ቀጥላ ደግሞ «ፍላተስ ወጥቶልዎታል?»

«ፍላተስ» አለች አስተማሪዋ ቀረጻውን አቁማ። «የሰፈርሽ ሰው፣ አናጢው፣ ባለሱቁ፣ ይሄን ያውቃል?»

«የመጽሐፉ ቃል እኮ ነው።»

«ክፍላችሁ ውስጥ በአማርኛ ምን ብለሽ ነው የምትጠይቂው?»

«‹ጋዝ ወጣልዎት ወይ› ነው የምለው።»

«አየሽ? በአማርኛ በሽተኛውን ታነጋግሪያለሽ፤ በእንግሊዝኛ ሐኪሙን።»

አፈረች። እውነት ነበር። እንግሊዝኛን ያገኘችው ከወፍራም መጻሕፍት ነው። ጉበትን በአራት ዓይነት ስም ታውቀዋለች፤ «ሆዴ ተነፋ» የሚለውን ተራ የእንግሊዝኛ ንግግር ግን ማንም አላስተማራትም። የሐኪም ቃል የሚጠቅመው ሐኪም ለሚያነበው ደብዳቤ ነበር፤ ለዚያም ነው መጻፉን ያለፈችው። እሺ፣ ይሄ ይስተካከላል፣ ቃል ነው፣ ይጠናል ብላ ተጽናናች።

«ይሄ ቀላሉ ነው» አለች አስተማሪዋ፣ ሐሳቧን እንዳነበበች ሁሉ። «አሁን ይሄንን ስሚ።»

ቀረጻው ቀጠለ። በሽተኛው ደንግጦ «እንደ ድሮዬ መሥራት እችላለሁ ይሆን?» አለ። የሲስተር ድምፅ ወዲያው ተከተለ፤ «አይጨነቁ፣ ደህና ይሆናሉ።» በሽተኛው «ወንድሜ እንዲህ ሆኖ ነበር…» ብሎ ጀመረ። «አይጨነቁ፣ ደህና ይሆናሉ።» በአንድ አጭር ወሬ ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳለችው ራሷም አልቆጠረችውም።

«ካርዱ አረጋጊ ይላል፤ አረጋጋሁት» አለች ሲስተር።

«አላረጋጋሽውም፣ አፉን ነው የዘጋሽው። ደህና እንደሚሆን በምን አወቅሽ? የማታውቂውን ነገር ቃል ገባሽለት። ወንድሙ ምን ሆኖ እንደነበርም ሳትሰሚ ቀረሽ። እዚያ ነው ነጥብሽ የሚጎድለው።»

«እና ምን ልበለው? ‹ሊሞቱ ይችላሉ› ልበለው?» ድምፏ ከወትሮው ከፍ አለባት። ከፍ ሲልባት ደግሞ ራሷ ደነገጠች፤ የምትጮህ ሰው አይደለችም።

«ምን እንዳስፈራው ጠይቂዋ።»

«ቲቸር፣ እኔ ክፍል እኮ ሠላሳ በሽተኛ በሁለት ነርስ ነው! እያንዳንዱን ምን አስፈራዎት እያልኩ ከዞርኩ መርፌውን ማን ይወጋል? እኛ ጋ ‹አይዞዎት› መድኃኒት ነው። አይዞዎት ያላለች ነርስ ክፉ ናት ይሏታል።»

«‹አይዞዎት› ማለትሽን አልነቀፍኩም» አለች አስተማሪዋ ቀስ ብላ። «ከእሱ በኋላ ትሄጃለሽ። እኔ የምልሽ፣ አትሂጂ ነው።»

ሲስተር ተሰናብታ ወጣች። መንገዱን ሁሉ በሆዷ እየተሟገተች ሄደች። ወሬ ነው፣ ተረጋግቶ የተቀመጠ ሰው ወሬ! ለሞላለት ለደላው!

*

ያን ሰሞን አልጋ ሰባት ላይ አንዲት አሮጊት ልብስ ሰፊ ተኝታ ነበር። አንጀቷ ላይ እጢ አለባት፤ ቀዶ ጥገናው በማግስቱ ነው። ከዚያ በኋላ ሆዷ ላይ ቀዳዳ ተከፍቶላት ሰገራዋ ወደተለጠፈ ከረጢት ይወርዳል። ይህን ሐኪሙ ያስረዳው ለልጇ ነው። የስምምነት ፊርማውንም የፈረመው ልጇ ነው። ልጁ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ሲስተርን ኮሪደር ላይ ይዞ «እናቴ ሆደ ባሻ ናት፣ እባክሽ እህቴ ምንም እንዳትነግሯት፣ ‹ትንሽ ቁስል ነው› በሏት» ብሏት ነበር። አዲስ ነገር አይደለም። በዚያ ክፍል ክፉ ወሬ የሚነገረው ለአስታማሚ ነው፤ በሽተኛው ከቀዶ ጥገና ሲነቃ ሆዱ ላይ ያየዋል።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር የደም ግፊት ልትለካት መጣች።

«ሲስተርዬ» አለች አሮጊቷ፣ «ነገ ምን ሊያደርጉኝ ነው?»

«አይዞዎት እማማ፣ ቀላል ነው፣ ምንም አይሆኑም።» አፏ እንደ ለመደው ብቻውን ተናገረ።

አሮጊቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ልጄም አይዞሽ፣ ሐኪሙም አይዞሽ፣ ምግብ የምታመጣዋም አይዞሽ። አይዞሽ እንዲህ ሲበዛ ነገር አለ ማለት ነው።»

ሲስተር የግፊት መለኪያውን መጠቅለል ጀመረች። መሄድ ትችል ነበር፤ አልጋ ስምንት ጉሉኮሱ አልቆ እየተጠባበቀ ነው። ግን ያ የተቀዳ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር። የተናደደችው በአሮጊቷ ይሁን በአስተማሪዋ አታውቅም፤ ብቻ በብስጭት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ምንድን ነው ያስፈራዎት፣ እማማ?»

አሮጊቷ ወደ አልጋ ስድስት አየት አደረገች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያቺ አልጋ ስድስት ያለችው ነገረችኝ። ከረጢት ያንጠለጥሉብሻል አለችኝ። እውነት ነው?»

ሲስተር ዓይኗን ወደ ግፊት መለኪያው መለሰች። ያ ራሱ መልስ ሆነ።

«መሞቱን አይደለም» አለች አሮጊቷ። «እኔ ሰው እለካለሁ። ወገብ ስለካ፣ ደረት ስለካ፣ አፍንጫዬ አፍንጫቸው ሥር ነው። ሙሽራ እለካለሁ። ብሸትስ? አንዷ አፍንጫዋን ከያዘች እኮ ሌላዋ አትመጣም።»

 ሲስተር ስለ ሞት የሚሰጥ መልስ አዘጋጅታ ነበር። ስለ ሙሽራ አላዘጋጀችም። ስለዚህ የምታውቀውን ነገረቻት፦ ከረጢቱ ከቆዳው ጋር በደንብ ከተጣበቀ ሽታ አያወጣም፣ ሳይሞላ ይደፋል፣ ከቀሚስ ሥር አይታይም፣ አቀያየሩን ራሷ ታሳያታለች። ለዘለቄታው ይሁን ለጊዜው ግን እሷ አታውቅም፤ እሱን ሐኪሙን መጠየቅ ነው።

«እንግዲያው ሐኪሙ ይምጣና ለእኔ ይንገረኝ» አለች አሮጊቷ፣ ተነስታ ትራሷን እያስተካከለች። «ሆዱ የኔ ነው።»

ነገሩ የፈነዳው ማታ ላይ ልጁ ሲመጣ ነው። አሮጊቷ ሐኪሙ ሳያናግራት ወደ ቀዶ ጥገና እንደማትገባ ነገረችው። ሐኪሙ በጠዋት ሌላ ሆስፒታል ነበረ፤ የቀዶ ጥገናው ተራ ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ የእሷ በሁለት ቀን ተገፋ። ልጁ ሜትሮኗ ቢሮ ገብቶ ጠረጴዛ ደበደበ።

«ምን ነካሽ አንቺ?» አለች ሜትሮኗ በማግስቱ በሩን ዘግታ። ሜትሮኗ ስትቆጣ ድምፅዋን አትጨምርም፤ መነጽሯን ታወልቃለች። አሁን መነጽሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። «ቤተሰብ አትናገሩ ካለ አንናገርም! ስንት ዓመት ሠርተሻል?»

«ራሷ ጠየቀችኝ፣ ሜትሮን። ውሸት ልናገር?»

«ማን ዋሺ አለሽ? አይዞዎት ብለሽ አትሄጂም? ሰው ሁሉ የሚያደርገውን! ይሄንን ፈረንጅኛሽን ለፈተናሽ አቆዪው፤ እዚህ ገና አልበረርሽም።»

ሲስተር እሺ ብላ ወጣች። የምትመልሰው ነበራት፣ ግን እሷ መልስ የሚመጣላት ሁልጊዜ ደረጃው ላይ ከደረሰች በኋላ ነው። መድኃኒት ክፍል ገብታ የጥጥ ሳጥኑን በኃይል ዘጋችው። እዚያ «አይዞዎት» በማለቷ ትወድቃለች፤ እዚህ ባለማለቷ ትገሠጻለች።

«ከድጡ ወደ ማጡ» አለ ፕሮፌሰር ከበሩ ላይ። «ግን አሮጊቷ ዛሬ ምሳዋን ጨርሳ በላች። ለሦስት ቀን አልበላችም ነበር እኮ።»

«ሂድ ወዲያ» አለችው።

*

በፈተናው ቀን ጠዋት ማዳመጡን፣ ማንበቡንና መጻፉን ጨረሰች። መጻፉ ላይ ተደናቀፈች፤ ደብዳቤው የሚላከው ቤት ለቤት ለምትዞር ነርስ ነበር፣ እሷ ግን የተሰጣትን የሕመም ታሪክ አንዱን ሳትጥል ሁሉንም ጻፈችው። የልጅነት ጆሮ ሕመም ሳይቀር። በክፍሏ ሥራ ስትረከብና ስታስረክብ ያልተናገረችው ነገር ሁሉ በኋላ በእሷ ይላከካልና መተው አትወድም። ከወጣች በኋላ ነው ነርሷ የምትፈልገው ቁስሉን ብቻ እንደነበር የገባት።

ከሰዓት ወደ መናገሩ ገባች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ መቅጃ። በሽተኛ የሚሆነው ሰው ፊቱ ላይ ምንም የማይነበብ፣ ጥቁር ሹራብ የለበሰ ነበር። መጀመሪያ ስለ ሥራዋ ጠየቃት፤ ይህ ነጥብ የለውም፣ ምላስ ማሟሟቂያ ነው። የመጀመሪያው ካርድ ስለ ልጅ ክትባት ነበር፤ በሰላም አለፈ። ሁለተኛውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። በሽተኛው ነገ ቀዶ ጥገና አለበት፣ ልብሱን ለብሶ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ ይላል። ምክንያቱን አጣሪ። ስለ ጾሙ አስረጂ። አረጋጊ። እንዲቆይ አግባቢ። ስለ ጎብኚ ሰዓት ንገሪ።

«መሄድ እፈልጋለሁ» አለ ሰውየው። በአንድ ጊዜ የእውነት በሽተኛ መሰለ።

አፏ ቀደማት። «አይጨ—» አለችና ዋጠችው። ዝም አለች። የመቅጃው ትንሽ ቀይ መብራት እያያት ነው። ዝምታው ነጥብ እየበላ እንደሆነ ተሰማት፤ የሆነው ይሁን አለች።

«ለመሄድ ወስነዋል» አለች በመጨረሻ። «ከቀዶ ጥገናው ምኑ ነው ይበልጥ ያሳሰብዎት?»

ሰውየው ወረቀቱን አየት አደረገና «ማደንዘዣው» አለ። «አባቴ ከዚያ አልነቃም።»

ይህ ካርዷ ላይ አልነበረም፤ የእሱ ካርድ ላይ ነው ያለው፣ ካልተጠየቀም አያወጣውም። ሲስተር ሐዘኗን ገለጸች፤ ከዚያ መቼ እንደነበር፣ ምን እንደነገሯቸው ጠየቀች። ማደንዘዣ የሚሰጠው ሐኪም ዛሬውኑ መጥቶ እንዲያነጋግረው እንደምታደርግ ነገረችው። «ይነቃሉ» አላለችም። ስለ ጾሙ ስትነግረውም ኤንፒኦን ረሳችው፤ «ሆድዎ ባዶ መሆን አለበት፣ ምግብ ካለ ተኝተው ሳሉ ወደ ሳንባዎ ሊወርድ ይችላል» አለችው። «ሐኪሙን እስኪያነጋግሩ ድረስ ቢቆዩስ?» ብላ ጠየቀችው። ሰውየው «እስከዚያ ድረስ እቆያለሁ» እንዳለ ሰዓቱ አለቀ።

የጎብኚ ሰዓት! አልደረሰችበትም።

ውጭ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆማ ለአስተማሪዋ ደወለች። «አልጨረስኩትም! አንድ ሙሉ ሥራ ቀረብኝ። እንደ ድሮዬ ‹አይጨነቁ› ብዬ ብሮጥ ኖሮ እጨርሰው ነበር።»

«ካርዱን ስለጨረስሽ አይደለም ነጥብ የሚሰጡሽ» አለች አስተማሪዋ።

«እሱን ለእነሱ ይንገሩልኝ» አለችና ዘጋችው። ዘግታ ስታበቃ ባለጌነቷ አሳፈራት፤ ይቅርታ ብላ መልእክት ጻፈች።

*

ውጤቱ ሲመጣ ፕሮፌሰር ጓንቷን እስክታወልቅ አልጠበቀም፤ ስልኩን ከኪሷ አውጥቶ ፊት ለፊቷ ያዘላት።

መናገር፣ ሦስት መቶ ስልሳ። መጻፍ፣ ሦስት መቶ አርባ።

ሁለቱን ቁጥሮች ደግማ አየቻቸው። «ደስታውን እንኳ ሙሉ አድርገው አይሰጡም» አለች በመጨረሻ። «አንዱን ሲያነሱ አንዱን ይጥሉብኛል።»

«አንቺ ሰው፣ አጣምሪው እንጂ! የዱሮው መጻፍ፣ የዛሬው መናገር፣ አራቱም ሞላ! የዛሬው ሦስት መቶ አርባም ለማጣመር ከሚፈቅዱት በታች አይደለም። አልፈሻል እኮ!» ብሎ የመርፌ ትሪውን እንደ ከበሮ መታው። ሜትሮኗ ከቢሮዋ ብቅ ብላ ስለ ጩኸቱ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ነገሩን ስትሰማ መነጽሯን አወለቀች። የዚያን ቀን ያወለቀችው ለመቆጣት ይሁን ለሌላ፣ ማንም አላወቀም። «ኬክ የለም በዚህኛው» ብቻ አለች።

አልጋ ሰባት ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። ልብስ ሰፊዋ ሐኪሙ ራሷን አነጋግሯት፣ ቀዶ ጥገናውን አድርጋ፣ ከረጢቱን ራሷ መቀየር ለምዳ ወጥታለች። ልጇ ሲወጡ ሲስተርን ሰላም አላላትም። አሮጊቷ ግን ዞር ብላ ወገቧን በዓይኗ ለካቻትና «ዩኒፎርምሽ ሰፍቶሻል፣ አምጪው አጠብብልሻለሁ» ብላታለች።

ማታ ቤት ስትገባ እናቷ ወሬውን ሰምታ ቀዩን ሻንጣ አልጋው ላይ ዘርግታው ነበር። ብርድ ልብሶቹን አንድ በአንድ እያወጣች፣ እንደገና እያጠፈች፣ ትከምራለች። ፊቷን አላነሳችም።

«እዚያ ብቻሽን ምንም አትሆኚም፣ አይደል?»

አይዞሽ እማ፣ ምንም አልሆንም የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ቀላል ነበር፣ ሞቅ ያለ ነበር፣ ነገሩን እዚያው ይዘጋላት ነበር። ቦርሳዋን አስቀምጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ምንድን ነው ያስፈራሽ፣ እማ?»

እናቷ ያጠፈችውን ብርድ ልብስ ዘርግታ ደግማ አጠፈችው።

«ምን ያስፈራኛል» አለች። «እነዚህን ብርድ ልብሶች የት እንደማደርጋቸው ነው እንጂ የማስበው።»

ሲስተር አልተነሳችም። እናቷ የቀረውን እስክትናገር፣ የብርድ ልብሱን ሌላኛውን ጫፍ ያዘችላት።